የአንዲት ቀሚስ ፎቶ፦ አንድ ዕቃ ለሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ቀለም የሚሆንበት ምክንያት

ጉዳዩ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2015 ነው። እንግሊዝ ውስጥ በቼስተር ከተማ አቅራቢያ ባለ የገበያ ማዕከል አንዲት እናት ለልጃቸው ሰርግ ሊለብሱት ያሰቡትን ቀሚስ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ለሙሽራዋ ላኩላት። ሙሽራዋና እጮኛዋ ፎቶውን አይተው በቀለሙ ሳይስማሙ ቀሩ። ለአንደኛቸው ቀሚሱ ነጭ ሆኖ ወርቃማ ዳንቴል ያለው ነበር፤ ለሌላኛቸው ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ጥቁር ዳንቴል ያለው። ክርክሩ ወደ ጓደኞቻቸው ተዛመተ። ሰርጉ በስኮትላንድ ኮሎንሴ በምትባል ደሴት ተደርጎ ካበቃ በኋላ፣ በሰርጉ ላይ የተጫወተው ባንድ አባል የሆነች ጓደኛቸው ፎቶውን በ26 ፌብሩዋሪ ተምብለር በተባለ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ ለጠፈችው። በማግስቱ ነገሩ የዓለም ወሬ ሆኖ አደረ።

ለዚህ ጽሑፍ ስንል የሰዎቹን ስም አንጠራም፤ ቤተሰቡንም ተመራማሪዎቹንም። የሚያስፈልገን የፎቶውና የምርመራው ታሪክ ነው።

አንድ ነገር ከመነሻው መታወቅ አለበት። ቀሚሱ በአካል ሲታይ ያጨቃጨቀው ሰው አልነበረም። በሰርጉ ዕለት እናትየው ለብሰውት ያየ ሁሉ ደማቅ ሰማያዊና ጥቁር መሆኑን አይቷል፤ አምራቹም ይህንኑ አረጋግጧል። ነጭና ወርቃማ የሆነው ቀሚስ በወቅቱ ለገበያ የቀረበ አልነበረም። ስለዚህ ጭቅጭቁ የቀሚሱ ሳይሆን የፎቶው ነው። ብዙዎች «ትክክለኛው ቀለም ሰማያዊና ጥቁር ነው» ሲባል ጉዳዩ የተዘጋ መሰላቸው። ለሳይንሱ ግን ጥያቄው የተከፈተው ገና ያኔ ነው። አንድ ዓይነት ብርሃን፣ ከአንድ ስክሪን፣ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ወደሚያዩ ሁለት ሰዎች ዓይን እየገባ፣ እንዴት ይህን ያህል የተራራቀ ነገር ያሳያቸዋል?

ፎቶው ውስጥ ያለው

ፎቶውን በማንኛውም የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ ቀለም መልቀሚያውን ጨርቁ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። የጨርቁ ሰፊ ክፍል ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ወደ ግራጫ የሚጠጋ ሆኖ ይገኛል። ዳንቴሉ ቡናማ ነው። ንጹሕ ነጭም፣ ንጹሕ ጥቁርም፣ ያ አምራቹ የሚለው ደማቅ ሰማያዊም እዚያ የለም። ፎቶው በራሱ ማንንም አሸናፊ አያደርግም ማለት ነው።

የፎቶው አነሳስም የራሱ ድርሻ አለው። ቀሚሱ አብዛኛውን ክፈፍ ይዞታል። ከጀርባ በቀኝ በኩል በጣም የበራ፣ ዝርዝሩ የጠፋ አካባቢ ይታያል። የሰው ፊት፣ እጅ፣ ወይም ቀለሙ በእርግጠኝነት የሚታወቅ ሌላ ነገር በቅርብ አይታይም። ስልኩ ምስሉን ከሚገባው በላይ አብርቶታል፤ ጥቁሩ ዳንቴል ቡናማ መስሎ የወጣው፣ ደማቁ ሰማያዊም የፈዘዘው በዚህ ነው። ተመልካቹ አንድ ነገር ማወቅ አይችልም፦ ቀሚሱ ከኋላው ባለው ብርሃን ምክንያት ጥላ ውስጥ ነው ያለው? ወይስ ያ ብርሃን እርሱም ላይ እያረፈ ነው? ፎቶው ለሁለቱም በቂ ምክንያት ይሰጣል።

ዓይን የሚሠራው ሒሳብ

ከዕቃ ተነስቶ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን የሁለት ነገሮች ውጤት ነው፤ ዕቃው ላይ ያረፈው ብርሃን አንድ፣ ዕቃው ከዚያ ውስጥ አንጸባርቆ የሚመልሰው መጠን ሁለት። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ የዕቃው ቀለም የምንለው እርሱ ነውና። ዓይን የሚያገኘው ግን ሁለቱ ተባዝተው ነው። አንጎል የዕቃውን ቀለም ለማግኘት የብርሃኑን ቀለም ገምቶ ማካፈል አለበት። ነጭ ወረቀት በቀትር ፀሐይም፣ በቢጫ አምፖል ሥርም ነጭ ሆኖ የሚታየን ይህ ሥራ ሳናውቀው ስለሚሠራልን ነው። ሙያተኞቹ የቀለም ቋሚነት ይሉታል።

ስሌቱን በቀሚሱ ላይ እንሞክረው። አሃዞቹ ለማስረዳት እንዲያመቹ የተጠጋጉ ናቸው። የጨርቁ አንድ ነጥብ፣ ፒክስል የሚባለው፣ በስክሪን ላይ ከ0 እስከ 255 በሚሄደው መለኪያ ቀይ 125፣ አረንጓዴ 135፣ ሰማያዊ 175 ይሁን። የዳንቴሉ አንድ ነጥብ ደግሞ ቀይ 110፣ አረንጓዴ 90፣ ሰማያዊ 60።

የመጀመሪያው ተመልካች ቀሚሱ ጥላ ውስጥ ነው ብሎ ገመተ እንበል። ጥላ ውስጥ የሚደርሰው ከሰማዩ የተበተነ ብርሃን ስለሆነ ደብዛዛና ሰማያዊ ነው፤ በአሃዝ 130፣ 140፣ 180 እንበለው። የጨርቁን አሃዞች ለነዚህ ስናካፍል 0.96፣ 0.96 እና 0.97 እናገኛለን። ሦስቱም እኩል ሊባሉ የሚችሉና ወደ አንድ የተጠጉ ናቸው። ያረፈበትን ብርሃን ሁሉ ሳያዳላ የሚመልስ ጨርቅ ነጭ ነው። ዳንቴሉ በዚያው ስሌት 0.85፣ 0.64 እና 0.33 ይወጣል። ቀዩን በብዛት፣ አረንጓዴውን በመጠኑ፣ ሰማያዊውን በጥቂቱ የሚመልስ ነገር ወርቃማ ነው።

ሁለተኛው ተመልካች ቀሚሱ ላይ ያረፈው ብርሃን ብሩህና ወደ ቢጫ ያደላ ነው ብሎ ገመተ። ይህን ብርሃን 255፣ 235፣ 190 እንበለው። ጨርቁ አሁን 0.49፣ 0.57 እና 0.92 ይሆናል፤ ሰማያዊ ነው። ዳንቴሉም 0.43፣ 0.38 እና 0.32 ሆኖ ይወርዳል፤ ሦስቱም ዝቅተኛና ተቀራራቢ ስለሆኑ ጠቆር ያለ፣ እንዲህ ያለ ብርሃን ሥር ጥቁር ተብሎ የሚነበብ ነገር ነው።

ከአንድ ዓይነት አሃዝ ተነስተን ሁለቱንም መልስ አገኘን፤ ስሌቱም በሁለቱም በኩል ትክክል ነው። የተለያየው አካፋዩ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ነገር ልብ ይሏል። ነጭ ያለ ሰው ወርቃማ፣ ሰማያዊ ያለ ሰው ጥቁር የሚለው በአጋጣሚ አይደለም። የብርሃኑ ግምት አንዴ ከተያዘ ሁለቱ ቀለሞች አብረው ይወሰናሉ። «ነጭና ጥቁር» የሚል መልስ ብርቅ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ያልሠሩ ማብራሪያዎች

መጀመሪያ የተከሰሰው ስክሪን ነው። ስልኮች የብርሃን መጠናቸውና የቀለም አወጣጣቸው ይለያያል፤ ክሱ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ስልክ ላይ አብረው እያዩ እንደሚለያዩ ሁሉም በየቤቱ አይቶታል። በሚዛን በተስተካከለ ስክሪን፣ በጨለማ ክፍል በተደረገ ሙከራም ልዩነቱ አልጠፋም። ስክሪን ጥቂት ሰዎችን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሊገፋ ይችላል፤ የክርክሩ ምንጭ ግን እርሱ አይደለም።

ቀጥሎ የተጠረጠረው ዓይን ነው። የዓይናችን የጀርባ ግድግዳ፣ ሬቲና የሚባለው፣ ሦስት ዓይነት ኮን ሴሎች አሉት። ለረጅም የብርሃን ሞገድና ለመካከለኛ ሞገድ የሚነቁት ሴሎች ምጥጥን ከሰው ሰው በጣም ይለያያል፤ አንዱ ሰው ጋ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ሌላው ጋ ረጅም ሞገድ ተቀባዮቹ ብዙ እጥፍ ሆነው ይገኛሉ። የሚገርመው፣ ይህን ያህል የተለያየ ዓይን ያላቸው ሰዎች ስለ ቀለም በአብዛኛው የሚስማሙ መሆናቸው ነው። የቀለም ዕውርነትን ያነሱም ነበሩ። በብዛት የሚታየው የቀለም መለየት ችግር ግን ቀይና አረንጓዴን የሚያምታታ ነው፤ የቀሚሱ ጭቅጭቅ ያለው በሰማያዊና በቢጫ መካከል ነው። በዚያ ላይ የቀለም እይታቸው ተመርምሮ ጤናማ የሆኑ ሰዎች ለሁለት ተከፍለዋል። በዕድሜ የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነ መሄዱ እውነት ቢሆንም፣ ለውጡ በዝግታ ስለሚመጣ አንጎል ይላመደዋል፤ ወጣቶችን በወጣቶች ላይ ያስነሳውንም ክርክር አያስረዳም።

የዘር ውርስ ነው የሚለውም ተፈትሿል። መንትዮችን ያነጻጸረ ጥናት የውርስ ድርሻ መኖሩን አሳይቷል፤ ትልቁ ድርሻ ግን ከውርስ ውጭ የሆነው፣ ሰው ከኖረበትና ካየው የሚመጣው ሆኖ ተገኝቷል።

ተመራማሪዎቹ ያደረጉት

ፎቶው ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት፣ ከረንት ባዮሎጂ የተባለው የሳይንስ መጽሔት በጉዳዩ ላይ ሦስት አጫጭር ጥናቶችን አብሮ አወጣ። ሦስቱም በተለያየ መንገድ ሄደዋል።

አንደኛው ሕዝብ ቆጠራ ይመስላል። 1,401 ሰዎች ፎቶውን አይተው የቀለሙን ስም በራሳቸው ቃል ጻፉ። 57 ከመቶው ሰማያዊና ጥቁር፣ 30 ከመቶው ነጭና ወርቃማ፣ 11 ከመቶው ሰማያዊና ቡናማ፣ የቀሩት 2 ከመቶ ሌላ አሉ። ያቺ 11 ከመቶ አትናቅ። ሰማያዊና ቡናማ ያሉት ሰዎች ብርሃኑን ብዙም ሳያካፍሉ ፒክስሉን እንዳለ ያነበቡት ናቸው፤ ፕሮግራሙ የሰጠንን መልስ የሰጡት እነርሱ ናቸው። በጥናቱ በዕድሜ ገፋ ያሉና ሴቶች ነጭና ወርቃማ ወደሚለው ትንሽ አድልተዋል።

የእነዚሁ ተመራማሪዎች ዋናው እርምጃ ግን ቆጠራው ሳይሆን ቀጥሎ የመጣው ነው። ቀሚሱን ቆርጠው በአንዲት ሴት ምስል ላይ አለበሱት፤ የሴትየዋን ቆዳና የአካባቢውን ቀለም አንዴ ሰማያዊ ብርሃን፣ ሌላ ጊዜ ቢጫ ብርሃን ያረፈበት አስመስለው ሠሩ። አሁን ተመልካቹ ብርሃኑን መገመት አላስፈለገውም፤ ከቆዳዋ ያነብበዋል። ሰማያዊ ብርሃን ያለበትን ያዩት በአብዛኛው ወደ ነጭና ወርቃማ፣ ቢጫ ብርሃን ያለበትን ያዩት ወደ ሰማያዊና ጥቁር ሄዱ። ከዚያ በፊት በዋናው ፎቶ ላይ ሲጨቃጨቁ የነበሩ ሰዎች የብርሃኑ ምልክት ሲሰጣቸው ተቀራረቡ። ከሁሉም ማስረጃ ይህን የማስበልጠው፣ መንስኤውን በእጅ ነክቶ ውጤቱ ሲለወጥ ስላሳየ ነው።

ሁለተኛው ጥናት የተደረገው በጀርመን ጊሰን ዩኒቨርሲቲ በነበሩ ተመራማሪዎች መሪነት ነው። 15 ሰዎችን ብቻ ይዘው፣ የቀለም ስም ከመጠየቅ ይልቅ አንዲት ክብ ሰጧቸውና ከጨርቁ ጋር እስክትመሳሰል ቀለሟን እንዲያስተካክሉ አደረጉ። እዚህ ላይ ነገሩ መልኩን ለወጠ። «ነጭ ነው» ያሉት ሰዎች ክቧን ነጭ አላደረጓትም፤ ፈካ ያለ ሰማያዊ አደረጓት። «ሰማያዊ ነው» ያሉት ደግሞ ጠቆር ያለ ሰማያዊ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዋናነት የብሩህነት ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ወገን የመረጠው ቀለም የቀን ብርሃን ከማለዳ እስከ ማታ በሚለዋወጥበት፣ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ በሚሄደው መስመር ላይ ነበር። የፎቶው ፒክስሎችም በአብዛኛው እዚያው መስመር ላይ ይወድቃሉ። ወሳኙ ነገር ይኸው ነው። ሰማያዊ ቅላጼ ሲያይ አንጎል «የጨርቁ ነው ወይስ የሰማዩ?» ብሎ ሊጠራጠር ይችላል። አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ የቀን ብርሃን ስለማያውቅ በቀጥታ ለጨርቁ በሰጠው ነበር።

የስም ነገርም ከዚሁ ጥናት ግልጽ ይሆናል። ፈካ ያለ ሰማያዊ እና ጠቆር ያለ ሰማያዊ የሚያዩ ሁለት ሰዎች ስም ስጡ ሲባሉ አንዱ «ነጭ» ሌላው «ሰማያዊ» ይላሉ፤ ሲናገሩት የተራራቁትን ያህል ሲያዩት አልተራራቁም። ቢሆንም ልዩነቱ የስም ብቻ ነው ማለት አይደለም። ክቧ ተለክታ ተለያይታለች።

ሦስተኛው ቡድን የፎቶውን ቀለሞች ገለበጣቸው፤ ሰማያዊው ጨርቅ ቢጫ፣ ቡናማው ዳንቴል ሰማያዊ ቅላጼ ያዘ። ሰማያዊነቱና ቢጫነቱ በመጠን እኩል ስለሆኑ ክርክሩ መቀጠል ነበረበት። አልቀጠለም፤ ጨርቁን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ቢጫ አለው። ሰዎች ፈዛዛ ሰማያዊን «የብርሃኑ ነው» ብለው ለመተው ፈጣን ናቸው፤ ያንኑ ያህል ቢጫ ግን የዕቃው ነው ይላሉ። ቀሚሱ ቀይ ወይም ቢጫ ቢሆን ኖሮ ማንም እዚህ ድረስ ስሙን ባልሰማ።

የብርሃኑ ግምት ከየት ይመጣል

ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ፎቶ እያየ የተለያየ ብርሃን ከገመተ፣ ግምቱን የወሰደው ከፎቶው ውጭ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከ13,000 በላይ ሰዎችን ጠይቆ በ2017 ጆርናል ኦቭ ቪዥን ላይ ባወጣው ጥናት፣ ቀሚሱ ጥላ ውስጥ ነው ብለው ካመኑት መካከል ከአምስቱ አራቱ ያህል ነጭና ወርቃማ አይተውታል። ጥላ የለም ካሉት ውስጥ ግን እንዲህ ያዩት ግማሽ ያህሉ ናቸው።

ይህ ውጤት ከላይ ከሠራነው ስሌት ጋር ይገጥማል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰው መጀመሪያ ጥላ መኖሩን ገምቶ ነው ነጭ ያየው፣ ወይስ ነጭ ካየ በኋላ ሲጠየቅ «እንግዲህ ጥላ ውስጥ ቢሆን ነው» አለ? መጠይቅ ብቻውን ይህን አይለይም። ቀሚሱን ሴትየዋ ላይ ያለበሱት ሰዎች ሙከራ ክብደት ያገኘውም ለዚህ ነው።

በዚያው ጥናት ሌላ ነገርም ተፈትኗል፦ በማለዳ የሚነሱና እስከ ሌሊት የሚያመሹ ሰዎች። ሐሳቡ ይህ ነው። ማለዳ የሚነሳ ሰው ከነቃበት ሰዓት ብዙውን የሚያሳልፈው በቀን ብርሃን ነው፤ የቀን ብርሃን፣ በተለይም የጥላው፣ ሰማያዊ ይበዛዋል። የሚያመሽ ሰው ብዙ ሰዓት በአምፖል ሥር ይቆያል፤ የድሮው የሽቦ አምፖል ቢጫ ነው። እንግዲህ ፎቶው ዝም ሲል የመጀመሪያው የለመደውን ሰማያዊ፣ ሁለተኛው የለመደውን ቢጫ ይገምታል። ውጤቱም በተጠበቀው አቅጣጫ ሄደ፤ ማለዳ የሚነሱት ነጭና ወርቃማ የማየት ዕድላቸው ከፍ አለ። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። በብዙ ሺህ ሰው ውስጥ ይታያል እንጂ፣ አንድን ሰው «ስንት ሰዓት ትነሳለህ?» ብሎ ጠይቆ ምን እንደሚያይ መናገር አያስችልም። ይህን ግኝት ተንተርሰው «የሌሊት ሰው ከሆንክ ሰማያዊ ታያለህ» ብለው የጻፉ ሁሉ ከመረጃው በላይ ተናግረዋል።

ሆን ተብሎ የተሠራ ክርክር

የቀሚሱ ፎቶ በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ማብራሪያው እውነት ከሆነ፣ የምግብ አሠራሩን ያወቀ ሰው ወጡን ራሱ መሥራት አለበት፤ ሌላ ዕቃ ወስዶ ሌላ ጭቅጭቅ መፍጠር። የኒውዮርኩ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ2019 ያደረገው ይህንኑ ነው።

የመረጡት ሮዝ የሆነ ክሮክስ ጫማና ነጭ ካልሲ ነበር። በአረንጓዴ ብርሃን ሥር አድርገው ፎቶ አነሱት። ሮዝ ነገር አረንጓዴ ብርሃንን በብዛት ስለማይመልስ ጫማው ግራጫ ሆኖ ወጣ። ነጩ ካልሲ ግን ያረፈበትን ሁሉ ስለሚመልስ አረንጓዴ ሆነ። ዙሪያውን ጥቁር አደረጉት፤ ስለ ብርሃኑ የሚናገር ሌላ ነገር አልተዉም። ፎቶውን ላየ ሰው የቀረው ፍንጭ አንድ ብቻ ነው፦ እንዲህ ያለ ካልሲ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው የሚለው የራሱ ትውስታ።

ሰዎቹም ተከፈሉ። ካልሲው ነጭ መሆን አለበት ያሉት «አረንጓዴው የብርሃኑ ነው» ብለው ቀነሱትና ጫማውን ሮዝ አዩ። ያንን ያልገመቱት ጫማውን ግራጫ፣ ካልሲውን አረንጓዴ አዩ። ያዩትን ፒክስል እንዳለ አንብበዋልና አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል።

በአንድ ነገር ከቀሚሱ ይለያል። አረንጓዴ የቀን ብርሃን የለም፤ ስለዚህ የማለዳና የምሽት ልማድ እዚህ ብዙ አይረዳም። ሥራውን የሠራው ስለ ካልሲ ያለ ልምድ ነው። ይህም አንጎል ብርሃኑን ለመገመት ባገኘው ነገር ሁሉ እንደሚጠቀም ያሳያል፤ የሰማዩ ልማድ ሲኖር በእርሱ፣ ሳይኖር ቀለሙን በሚያውቀው ዕቃ። ክርክር ለመፍጠር የሚያስፈልጉት ሁኔታዎችም ከሁለቱ ጉዳዮች ሲወጡ ሁለት ናቸው። ፎቶው ስለ ብርሃኑ ዝም ማለት አለበት፤ ተመልካቾቹም ዝምታውን የሚሞሉበት የተለያየ ልምድ ሊኖራቸው ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሁሉም ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ አብረው ስለሚሳሳቱ ግን የሚጨቃጨቅ የለም። ጃፓናዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ2017 ያሠራጩት የእንጆሪ ምስል እንደዚያ ነው። በምስሉ ውስጥ አንድም ቀይ ፒክስል የለም፤ ሁሉም ግራጫና አረንጓዴ ሰማያዊ ናቸው። ያየው ሁሉ ግን እንጆሪውን ቀይ ይለዋል።

ገና ያልተፈታው

ቀሚሱን የሚያዩ ሰዎች አብዛኞቹ ከወገናቸው አይነቃነቁም። በሳምንት፣ በወር ቢያዩት ያው ነው። ጥቂቶች ግን ጠዋት ነጭ ያዩትን ማታ ሰማያዊ ያዩታል፤ አንዳንዶቹም ዓይናቸው ላይ እያለ ይለወጥባቸዋል። ከዚያም በላይ የሚያስቸግረው ማወቅ የማይረዳ መሆኑ ነው። ቀሚሱ ሰማያዊ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ፣ ስሌቱን የሚረዳ፣ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ያነበበ ሰውም ነጭ የሚታየው ከሆነ ነጭ መታየቱን ይቀጥላል። የካልሲው ትውስታ ወደ ስሌቱ ሲገባ፣ ከዜና የተሰማው እውነት ግን አይገባም። የትኛው እውቀት እይታን እንደሚነካ፣ የትኛው እንደማይነካ የተሟላ መልስ የሰጠ ጥናት እኔ አላገኘሁም።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ልብስ፣ ጨርቅ፣ የግድግዳ ቀለም ወይም የመዋቢያ ዕቃ በፎቶ የሚሸጥና የሚገዛ ሰው የቀሚሱ ጭቅጭቅ ትንንሽ ዘመዶች ያጋጥሙታል። «የታዘዘው ይህ አልነበረም» ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስክሪን ነው። ከስክሪኑ በፊት ፎቶውን ማየት ይሻላል፤ ስለ ብርሃኑ ምን ይናገራል? ቀለሙ የሚታወቅ ነገር አለበት? ከጀርባ ከዕቃው የበለጠ የበራ መስኮት ወይም መብራት አለ? ካለ፣ ዕቃው ጥላ ውስጥ ይሁን አይሁን ተመልካቹ ሊያውቅ አይችልም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ነጭ ወረቀት ወይም ፎቶ አንሺዎች የሚይዙትን ግራጫ ካርድ ከዕቃው ጎን አስቀምጦ ማንሳት። የሚሳተው አቀማመጡ ላይ ነው። ካርዱ ዕቃው ላይ ያረፈው ብርሃን እርሱም ላይ ማረፍ አለበት፤ ዕቃው ጥላ ውስጥ ሆኖ ካርዱ መስኮቱ ጋ ከተቀመጠ ከምንም በላይ ያሳስታል። ነጭ ወረቀትም ከመጠን በላይ ከበራ ሦስቱም አሃዞች 255 ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ያኔ ስለ ብርሃኑ ቀለም የሚናገረው ነገር የለውም። በቀለም መልቀሚያው ማየት ነው፤ 255 ካሳየ ብርሃኑን ቀንሶ እንደገና ማንሳት። ግራጫ ካርድ የሚመረጠው ይህ ችግር በቀላሉ ስለማይደርስበት ነው። ካርድ ከሌለ የሰው እጅ በክፈፉ ውስጥ መግባቱ ብዙ ይረዳል፤ ቆዳ በምን ብርሃን ምን እንደሚመስል አንጎላችን በደንብ ያውቃል፤ በቀሚሱ ሙከራም ሰውን ያቀራረበው አንዱ ፍንጭ ቆዳ ነበር።

ክርክር ከተነሳ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ቀለም መልቀሚያው ነው። መልቀሚያው የሚናገረው ስለ ፒክስሉ እንጂ ስለ ዕቃው አይደለም፤ ለቀሚሱ ፈዛዛ ሰማያዊና ቡናማ ብሎ ነበር፣ ቀሚሱ ግን እንዲህ አልነበረም። ወረቀት ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ በዚያ በኩል ጨርቁን ብቻ ማየትም እንደዚያው ነው። ዙሪያው ሲሸፈን የሚታየው ፒክስሉ ነውና ሁለቱም ወገኖች ይቀራረባሉ፤ ወረቀቱ ሲነሳ ወደየነበሩበት ይመለሳሉ። ለማሳያ ጥሩ ነው፤ ለፍርድ ግን አይሆንም።

ለፍርድ የሚቀርበው የጊሰኖቹ መንገድ ነው። «ምን ቀለም ነው?» ብሎ ስም ከመጠየቅ፣ የቀለም ናሙና ካርዶች ዘርግቶ «ከየትኛው ጋር ይመሳሰላል?» ማለት። ሁለቱ ሰዎች የመረጧቸው ካርዶች ጎረቤታሞች ከሆኑ የተለያዩት በስሙ ነው፤ በዚያው መስማማት ይቻላል። ካርዶቹ ከተራራቁ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፦ «ይህ ዕቃ ምን ዓይነት ብርሃን ያረፈበት ይመስልሃል?» መልሶቹ ከተለያዩ፣ ፎቶው እንደገና በካርድ ይነሳ፤ በዚያኛው ላይ ከዚህ በኋላ መከራከሩ አያዋጣም።